የበሶ ዕዳ

የድሮ የክፍል ልጅን ስልክ ማግኘት ዛሬ አያስቸግርም። አንዱ ቴሌግራም ላይ ቡድን ይከፍታል፣ ሌላው ሌላውን ይስባል፣ ሳይታሰብ ያቺ ልጅ ብቅ ትላለች። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው መልእክት ነው።

የጋይንት ሰው ሰላምታውን በቤተሰብ ይጀምራል፤ እናትሽ ደህና? አባትሽ ደህና? እያለ ከብቱ ድረስ ይወርዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ይህ ጥያቄ ያስፈራል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ተዘጋ። በእኛ አገር መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት የሚነገር ነው። ርቆ የኖረ ሰው ሳይሰማ ይቀርና የሞተን ሰው ደህንነት ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሜ የቤተሰቧን ነገር የሚያውቅ አብሮ አደጋችንን ጠየቅሁ። አባቷ አርፈዋል፤ እናቷ አሉ።

ኀዘንና ጨዋታ በአንድ መልእክት አይላክም። መጀመሪያ «ስለ አባትሽ ገና አሁን ሰማሁ፤ እግዜር ያጥናሽ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። የቴሌግራሟ ምልክት አንድ እንደሆነች ቆየች። አንድ ምልክት መልእክቱ ተልኳል ማለት ነው፤ አይታ ዝም ብላለች ማለት አይደለም። መረቡ በሚመጣበትና በሚጠፋበት አገር ይህን ያላወቀ ሰው በከንቱ ይቀየማል። ሁለተኛዋ ስትጨመር መልሱም መጣ፤ «አሜን፣ አንተም እንዴት ሰነበትህ?» ይላል።

ጨዋታው ያኔ ተፈቀደልኝ። ነፋስ መውጫ ስንማር እኛ የገጠር ልጆች ቤት ተከራይተን፣ ከቤት ተሸክመን በመጣነው ስንቅ ነበር የምንኖረው። ሳምንቱ ሲገባደድ እንጀራው ይሻግታል። በሶዋን የምታካፍለኝ እሷ ነበረች። እንዲህ ጻፍኩላት፦

«የበሶሽ ዕዳ እስካሁን አለብኝ። ልክፈል ብል የት ልምጣ? ባለቤት ካለሽ ለሁለታችሁ ምሳ እጋብዛለሁ። ከሌለሽ ግን ወለዱን ከፍ አደርገዋለሁ።»

አገባሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነገሩን ፍርድ ቤት ያስመስለዋል። ዕዳ ግን ለጨዋታ ይመቻል። ባሏ አጠገቧ ሆኖ ቢያነበው ይስቃል፤ እሷም ካልፈለገች «ምሬሃለሁ» ብላ ማንንም ሳታሳፍር ታልፈዋለች።

አላለፈችውም። «በሶውን የፈጨችው እናቴ ናት» አለችኝ። «ዕዳውን ለእሷ ክፈል። ቤታችን ያው ጨጨሆ ነው።»

ባል ስለመኖሩ አንድም ቃል የለም። እናት ዘንድ ክፈል ማለት ግን በእኛ አገር ቀላል ግብዣ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ለእንዲህ ያለው ዕዳ ብቻውን አይሄድም። አሁን የምፈልገው አንደበታቸው የተባ ሦስት ሽማግሌዎች ነው።