“ባለፈው የሰጠሁህ ፋይል”

“ባለፈው የሰጠሁህ ፋይል ላይ…” ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ለሰው ሲቀርብ ምንም ነውር የለበትም። አዲስ ቻት ከፍቶ ለኤአይ ማቅረብ ግን ሁለት ዓይነት መልስ ያመጣል። አንደኛው “ፋይሉን ላገኘው አልቻልኩም፤ እባክዎ እንደገና ይላኩልኝ” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያላየውን ፋይል እንዳየ ሆኖ ቁጥር መደርደር ነው። ብዙ ሰው የሚበሳጨው በመጀመሪያው ነው። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። ደግነቱ የመጀመሪያው ለምን እንደሚመጣ የገባው ሰው በሁለተኛው በቀላሉ አይታለልም።

ለግራ መጋባታችን ቴሌግራምም ድርሻ አለው። አብዛኞቻችን ፋይል መላላክ የለመድነው እዚያ ነው። ቴሌግራም ላይ የተላከ ፒዲኤፍ ከስልካችን ቢጠፋ እንኳ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ፈልጎ እንደገና ማውረድ ነው፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍም የአንድ ጣት ሥራ ነው። ስለዚህ ኤአዩ ላይ ፋይል ስንሰቅልም የሆነ ቦታ በስማችን ቁም ሳጥን ተከፍቶ የገባልን ይመስለናል። የገጹ መልክም ያግዘናል፤ የድሮ ቻቶቻችን በጎን በኩል ተሰልፈው ይታያሉ። ነገርየው ግን የሚሠራው እንደዚያ አይደለም።

እስቲ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አስቡ። እጁ ፈጣን ነው፣ ቋንቋው ያማረ ነው። ችግሩ አንድ ነው፤ አንድ መልስ ጽፎ በጨረሰ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። ባለጉዳዩን ቀና ብሎ ሲያይ እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ አጠገቡ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ልጁ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አቃፊ ይይዛል፤ እስካሁን የተባለውን ሁሉ እዚያ ይከታል። እናንተ አዲስ ጥያቄ በጠየቃችሁ ቁጥር አቃፊውን እንዳለ ለጸሐፊው ያቀብለዋል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንብቦ ይመልሳል፤ ከዚያም ይረሳል።

ጸሐፊው የቋንቋ ሞዴሉ ነው። ልጁ ደግሞ ስልካችን ላይ የምናየው አገልግሎት ነው። ሞዴሉ በራሱ ከአንድ መልስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ትዝታ የለውም፤ የሚያስታውስ የሚመስለን አቃፊው በየጊዜው ስለሚነበብለት ነው። “አዲስ ቻት” የምትለዋን ስትጫኑ ልጁ አዲስ ባዶ አቃፊ ይከፍታል። ፋይላችሁ ያለው አሮጌው አቃፊ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ያልቀረበለትን አያነብም።

ፋይል ስንልክ ምን እንደሚደረግ ካየን ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አጭር ጽሑፍ ከሆነ አገልግሎቱ ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን ያወጣና እናንተ የተየባችሁት ያህል ከቻቱ ጋር ያስገባዋል። ረጅም ሰነድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይቆራረጥና ማውጫ ይዘጋጅለታል፤ ስትጠይቁ ለጥያቄው ይቀርባሉ የተባሉት ቁራጮች ብቻ ይቀርባሉ። የኤክሴል ሰንጠረዥ ሲሆን ደግሞ ብዙዎቹ አገልግሎቶች ለዚያች ቻት ብቻ የምትሠራ ጊዜያዊ ኮምፒውተር ይከፍታሉ፤ ፋይሉ እዚያ ይቀመጥና ሞዴሉ በፓይተን እየጻፈ ያሰላበታል። አዲሷ ቻት የራሷ ባዶ ጊዜያዊ ኮምፒውተር አላት። እዚያ የድሮውን ፋይል ለመክፈት ሲሞከር የሚመጣው ይህ ነው፦

```
FileNotFoundError: [Errno 2] No such file or directory: 'survey.xlsx'
```

ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። “በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም” ማለት ነው። ያቺ ጊዜያዊ ኮምፒውተር ሥራ ፈታ ከቆየች ስለምትዘጋ፣ በዚያው በድሮው ቻት ውስጥ እንኳ ከሰዓታት በኋላ ስትመለሱ “እንደገና ላክልኝ” ልትባሉ ትችላላችሁ።

“ታዲያ ልጁ ሁሉንም አቃፊ አንድ ላይ ጠርዞ ቢያቀብለውስ?” የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ ጸሐፊው በአንድ ጊዜ ሊያነበው የሚችለው ወረቀት ልክ አለው። ጽሑፍ ለሞዴሉ የሚቀርበው ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ተሸንሽኖ ነው፤ ቦታውም የሚለካው በእነሱ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቦታው ቶሎ ይሞላበታል። በዩኒኮድ UTF-8 አሠራር እንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎችም የአማርኛን ቃል ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይቆራርጡታል። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ለእኛም ይጠቅመናል። የመክፈያ ካርድ ችግር ስላለብን አንዱን አካውንት ለአራት የምንጠቀም ስንት ነን? የአንዱ የሕክምና ውጤት በሌላው የሥራ ማመልከቻ መሃል ብቅ እንዳይል የሚያግዘው ይኸው ቻት ከቻት መለየቱ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሐቀኛው መልስ ነው። አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ።

አንዳንድ አገልግሎቶች ትውስታ የሚባል ነገር ጨምረዋል። ለምሳሌ ቻትጂፒቲ በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ ተጠቃሚው ማስታወሻ መያዝ ጀመረ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካለፉ ቻቶች የተገኘ መረጃ በአዲሱ ቻት መጠቀም ጀመረ። በምሳሌያችን ልጁ ከአሮጌው አቃፊ ላይ “እኚህ ሰውዬ ስለ ቤት ኪራይ ጉዳይ መጥተው ነበር” የምትል ብጣሽ ወረቀት ጽፎ አዲሱ አቃፊ ላይ ለጠፈ ማለት ነው። ብጣሿ ግን የኪራይ ውሉን አትተካም። ብጣሿን ያነበበ ጸሐፊ ውሉን ያነበበ ይመስላል፤ አንዳንዴ እሱም እንደዚያው ሆኖ ይጽፋል።

የአክስቴ ልጅ ለማስተርስ መመረቂያዋ 120 ሰው መጠይቅ አስሞልታ ነበር፤ ጥያቄው ለትራንስፖርት በወር ስንት ታወጣላችሁ የሚል ነው። ሰንጠረዡን እሑድ ዕለት ለአንዱ አገልግሎት ሰጥታ አጠቃላይ አማካዩን አሠራችው፤ 1,430 ብር ወጣ። ረቡዕ አዲስ ቻት ከፈተችና “በዚያ ፋይል ላይ ሴቶችና ወንዶችን ለይተህ አማካይ አውጣልኝ” አለችው። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ ሴቶች 1,385፣ ወንዶች 1,475። ከሥሩም ወንዶች ለምን የበለጠ እንደሚያወጡ የሚያብራራ ሁለት አንቀጽ ነበረው።

ልጅቷ መጠይቁን በእጇ የሰበሰበች ናትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረች፦ “ሴቶቹ ስንት ናቸው?” “60” አላት። የእሷ ሴቶች 71 ናቸው፤ ወንዶቹ 49። እንግዲህ ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ሰዎቹን 60 ለ60 ብትከፍሏቸው የ1,385 እና የ1,475 አማካይ በትክክል 1,430 ነው። ማሽኑ ከትውስታው የያዘው 120 ሰው፣ የታክሲ ወጪ እና 1,430 ብር ብቻ ነበር፤ የቀረውን እንዲገጥም አድርጎ ሞላው። ስለገጠመ ነው የሚያታልለው።

ፋይሉን እንደገና ልካ ስታሠራው ሴቶቹ 1,512 ሆኑ፤ ወንዶቹ ወደ 1,311። ይህን በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል፤ 71 በ1,512 እና 49 በ1,311 ተባዝተው ሲደመሩ ለ120 ቢካፈሉ ወደ 1,430 ይመለሳሉ። ስለዚህ ስህተቱ ትንሽ የቁጥር መዛነፍ አልነበረም። መደምደሚያው ራሱ ተገልብጦ ነበር። ያንን ይዛ አማካሪዋ ፊት ብትቀርብ ሴቶቹ አነስተኛ ከፋዮች ሆነው መጽሐፍ ቤት ይቀመጡ ነበር።

ፋይሉ በእርግጥ መከፈቱን የምታውቁት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። በድሮው ቻት ተወርቶበት የማያውቅ፣ እናንተ ግን ፋይላችሁን ከፍታችሁ ልታዩት የምትችሉትን ነገር ጠይቁ። “87ኛው ረድፍ ላይ ምን አለ?” “የዓምዶቹን ርዕስ በቅደም ተከተል ጻፍልኝ።” ለሰነድ ከሆነ “የገጽ 14ን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አምጣ።” ይዘቱን በአጭሩ ንገረኝ ማለት ግን ፈተና አይሆንም፤ አጭሩን ከብጣሿም ያገኘዋል።

መፍትሔውም ከዚሁ ከአቃፊው ነገር ይወጣል። ሥራው አንድ ከሆነ ወደ ድሮው ቻት ተመለሱ። ቻቱ በጣም ረዝሞ መጀመሪያ ላይ የተባለውን መሳት ከጀመረ አዲስ ክፈቱና ፋይሉን ራሱን እንደገና ላኩ። ከእሱ ጋር ደግሞ እስካሁን የተወሰነውን በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፦ የትኛው ዓምድ እንደተሰላ፣ የትኞቹ ረድፎች ለምን እንደወጡ፣ ምን ውጤት እንደተገኘ። ተመላልሳችሁ የምትሠሩበት ፋይል ከሆነ ደግሞ ቻትጂፒቲም ክሎድም ፕሮጀክት የሚሉት ክፍል አላቸው፤ እዚያ የገባ ፋይል በዚያ ፕሮጀክት ሥር ለሚከፈቱ ቻቶች ሁሉ ይቀርባል። አሠራሩ ከአገልግሎት አገልግሎት ስለሚለያይና ስለሚቀያየር በረድፍ 87 መፈተኑን አትተዉ። ዋናውን ቅጂ ደግሞ “እዚያ ሰቅዬዋለሁ” ብላችሁ ስልካችሁ ሞላ በሚል አታጥፉት። ቻት መጋዘን አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከአዲሱ ቻት አይከፈትም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። አሮጌው አቃፊ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ አካውንቱን የከፈተ ሰው ሁሉ ገልጦ ሊያየው ይችላል። መታወቂያችሁን፣ የባንክ ወረቀታችሁን ወይም የሌላ ሰው መጠይቅ የላካችሁበት ቻት ካለ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደዚያው ተመልሳችሁ አጥፉት። አዲስ ቻት መክፈት የድሮውን አይሰርዝም።