የሌሊት ተረኛዋ

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ፎቶዋን አይታችሁ «ቲቸር፣ እኛ ክፍል ውስጥ ስንተኛ ይቆጡን አልነበር?» እንዳትሉኝ! የጋፋትን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጋቢ ደርበን እንኳ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። የድመት የሰውነት ሙቀት ደግሞ ከእኛ ይበልጣል፣ 38 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ብርድ ላይ ያንን ሙቀት ለመጠበቅ የበላችውን ታቃጥላለች፤ መስኮቱ ላይ ግን ፀሐይዋ በነፃ ታሞቃታለች። ለዚህ ነው ብርሃኑ ፈቀቅ ባለ ቁጥር እሷም በእንቅልፍ ልቧ ፈቀቅ የምትለው።

ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነበረች። አምና አይጥ ያልታረመ የፈተና ወረቀት በልቶብኝ፣ አንድ ምስኪን ልጅ ያለ ጥፋቱ ድጋሚ ተፈተነ። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን አንድም ወረቀት አልተነካም።

ስለዚህ ኮሜንት ስትጽፉ ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷት! 😄