ስሜቱ ቀደመ ወይስ ድምፁ?

የሳይካትሪ ፈተና ሲቃረብ አብዛኞቻችን የምናጠናው ከሰንጠረዥ ነው። ማኒያ አንድ ሳምንት፣ ድብርት ሁለት ሳምንት፣ ስኪዞፍሬኒያ ስድስት ወር እያልን። ቁጥሮቹን መያዝ ይጠቅማል፤ ፈተናው ላይም ይመጣሉ። ችግሩ ቆጠራው ከየት እንደሚጀመር ሰንጠረዡ አለመንገሩ ነው። እኔ የራያ ቆላ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ለራሴ ያስረዳሁት ቆቦ ላይ ሊመጣ በሚችል አንድ ሕመምተኛ ነው። ሰውየው በእውን የለም፤ ለጥናት ቡድናችን መለማመጃ ብዬ የጻፍኩት ነው። አገሩ ግን እውነተኛ ነው።

ዕድሜው 24 ነው፤ ከሮቢት በኩል የመጣ ገበሬ። ያመጡት እናቱና ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ወንድሙ እንዲህ ይላል፦ «ዐሥር ቀን ሆነው፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። በሬያችንን በግማሽ ዋጋ ሸጠው። የራያን ሜዳ ሁሉ ውኃ አጠጣዋለሁ ይላል።» ልጁ ደግሞ ሳይጠየቅ ይቀጥላል፦ «እግዚአብሔር ያዘዘኝን ነው የምሠራው፤ ድምፁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ።»

እዚህ ላይ ሲደርስ ከቡድናችን ግማሹ «ስኪዞፍሬኒያ» ብሎ ጻፈ። ድምፅ ሰማ፣ አለቀ።

እስቲ እንዳትቸኩሉ። ኤም ኤስ ኢ የዛሬ ነገር ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አሁን ያየሁትና የሰማሁት ብቻ ይጻፍበታል። በሬው መሸጡ ታሪክ ውስጥ ይገባል እንጂ ኤም ኤስ ኢ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው መጨረሻ ላይ የቱን በዓይኑ አይቶ የቱን ከወንድሙ እንደሰማ ይጠፋበታል።

መጀመሪያ መልኩና ሁኔታው። ጎፈሬውን ቅቤ ተቀብቶ ሚዶ ሰክቷል፤ ዱላ ይዟል። ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ይህን «ያልተለመደ አለባበስ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ቆቦ ገበያ ላይ የእኩዮቹን አለባበስ ላየ ሰው ግን የሚጻፍ ነገር የለውም። የሚጻፈው ሌላ ነው፤ በሙቀቱ ሦስት ሸሚዝ ደርቧል፣ ወንበሩ ላይ አይረጋም፣ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጠርቷል። ንግግሩም እንዲሁ ነው። ጮክ ብሎ መናገር በእኛ አገር በሽታ አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን አጎቶቼ በሙሉ አልጋ በያዙ ነበር። የማኒያ ንግግር የሚታወቀው ስለማይቋረጥ ነው። ጥያቄ ስታስገቡ ቃላችሁን ነጥቆ ይሮጣል። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞር ብሎ «ድሮም እንዲህ ነበር ወይ?» ማለት ያስፈልጋል፤ የሚነጻጸረው ከራሱ ከድሮው ጋር ነውና።

ስሜት ሁለት ቦታ ይጻፋል። ሙድ የምንለው እሱ ራሱ የተናገረው ነው፤ በጥቅስ ምልክት እንዳለ ይቀመጣል፦ «እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» አፌክት ደግሞ እኛ ያየነው ነው። ይስቃል፣ ያቅፈናል፤ ወንድሙ «በሬውን መልስ» ሲለው ግን ወዲያው ይቆጣል። ቁጣው ራሱ መረጃ ነው። ማኒያ ሁልጊዜ በደስታ ብቻ አይመጣም።

የሐሳቡ ፍሰት ላይ ቆየት ማለት ይገባል፤ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ልጁ ከጉድጓድ ውኃ ወደ በሬ፣ ከበሬው ወደ ሠርግ ድግስ፣ ከድግሱ ወደ ሙሽራዋ ይዘላል። ይፈጥናል፤ ድልድዩ ግን ይታያል፣ በሬው ለሠርጉ ይታረዳልና። በሐሳብ መበታተን ጊዜ ያ ድልድይ አይገኝም፤ አብሮት ያደገው ወንድሙ እንኳ «ምን እያለ እንደሆነ አላውቅም» ይላል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በራያ ቆላ አማርኛም ትግርኛም ይነገራልና አንዳንዴ በአስተርጓሚ እንሠራለን። ደግ አስተርጓሚ የተበታተነውን ንግግር አስተካክሎ ያቀርብላችሁና ምልክቱ ይጠፋል። «የተሰበረውን እንደተሰበረ ንገረኝ» ብሎ አስቀድሞ መለመን ይሻላል።

እናቱ «ልክፍት ነው፤ ጸበል ይወሰድ» ይላሉ። ይህ ዴሉዥን አይደለም፤ አካባቢው የሚጋራው እምነት ነው። ልጁ ግን የራያ ውኃ ሁሉ ጌታ ሆኜ ተሹሜአለሁ ይላል። ይህንን ማን ይለይልን? እናቱ ራሳቸው። «እናቴ፣ ይህን የሚለውን እርስዎ ያምኑታል?» ስንላቸው «ኧረ ወዲያ! ይኼማ የበሽታው ነው» አሉ። በእሳቸውም እምነት ውስጥ ቦታ የሌለው ሐሳብ ነው ማለት ነው። ቄስ ወይም ሼህ ቢጠየቁም ይህን ልዩነት አይስቱትም።

አሁን ወባ። ቆላ ነንና ከክረምቱ ማግሥት ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚቃዥ ሰው ሁሉ ወደ ሳይካትሪ ከመላኩ በፊት ደሙ ይመርመር። ዲሊሪየምን ከሳይኮሲስ የሚለየው ድምፅ መስማቱ አይደለም፤ ንቃተ ሕሊናው ነው። ዲሊሪየም የያዘው ሰው ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ቦታውን ይስታል፣ ሰው አይለይም፤ ብዙ ጊዜም ከሚሰማው ይልቅ የሚያየው ይበዛል። ስለዚህ ንቃቱን፣ ትኩረቱንና ቦታና ጊዜ ማወቁን እንፈትሻለን። ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ውረድ ማለት የትምህርት ደረጃ መለካት ነው። የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥር መጠየቅ ይቻላል። ቀኑን ሲጠየቅ የወሩን ስንተኛነት ባያውቅ አይፈረድበት፤ ዛሬ ገበያ ነው ወይ፣ ጾም ነው ወይ፣ ማሽላው የት ደረሰ ይባል። የእኛው ልጅ ማኒያው ትኩረቱን ስለሚያባክነው ሁለቴ ከቆጠራው ወጥቶ ተመለሰ፤ ሆኖም ቆጥሮ ጨረሰ። የት እንዳለ፣ ማን እንዳመጣው ያውቃል። ሁኔታውም ከጠዋት እስከ ማታ አይዋዥቅም። የደም ምርመራውም ወባ አላሳየም።

እስካሁን የሰበሰብነው የዛሬውን ነው። በዚህ ብቻ ስም መስጠት አይቻልም፤ ጊዜውን ማሰለፍ አለብን። በገጠር ደግሞ ጊዜው የሚገኘው ከቤተሰብ ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የቡታጅራ ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ሲያነጋግር፣ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ካርድ የለም፣ የድሮ መዝገብ የለም። ስለዚህ «ከስንት ወር በፊት?» ከማለት «ከሶለል በፊት ነው በኋላ? ማሽላው ሲዘራ ነው ሲታጨድ?» ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል።

እናቱ ሲያስታውሱ፣ አምና ማሽላው ሲታጨድ ልጁ ተኛ። አልበላም፣ ከብት አላየም፣ ከሰው አልተቀላቀለም፤ «ሞት ይሻለኛል» ይል ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ተነሣ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ቀድሞው ሠራ፣ ተጫወተ። ከዚያ ወዲህ እስካለፉት ዐሥር ቀናት ድረስ ምንም። ታዲያ ድምፁ መቼ ጀመረ? ወንድሙ ያውቃል፦ «እንቅልፍ ካጣ ከስድስት ቀን በኋላ።» አምና ሲተኛስ? አልነበረም። ደህና በነበረባቸው ወራትስ? አልነበረም።

አሁን መልሱ ራሱ ይወጣል። ስሜቱ ቀደመ፣ ድምፁ ተከተለ፤ ድምፁ ያለ ስሜቱ ብቻውን የኖረበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ባይፖላር አንድ፣ አሁን ማኒያ ላይ ያለ፣ ከሳይኮሲስ ምልክት ጋር። ማኒያውን ዝም ብለን አልሰጠነውም፤ አንድ ሳምንት አልፏል፣ ከሚፈለጉት ሦስት ምልክቶችም በላይ አሉት። እንቅልፉን በተመለከተ ግን «አልተኛም» የሚለው አይበቃም። የተጨነቀ ሰውም አይተኛም፤ ጠዋት ግን ይደክመዋል። ይህ ልጅ ሳይተኛ አድሮ ጉድጓድ ይቆፍራል።

አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ስሜቱ ደህና ሆኖ እያለ ድምፁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቆይ ኖሮ፣ ስሜቱም የሕመሙን አብዛኛውን ዘመን ቢይዝ፣ ስኪዞአፌክቲቭ እንላለን። ስሜቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ ያለ ሆኖ ሥራውና ማኅበራዊ ኑሮው ከስድስት ወር በላይ እየወደቀ ቢሄድ ስኪዞፍሬኒያ ይሆናል። ስሜት ሳይኖር በድንገት መጥቶ ከወር በታች ቢጠፋ አጭር ሳይኮሲስ ነው። ስድስት ወር የሚለው የዲ ኤስ ኤም ነው፤ አይ ሲ ዲ በአንድ ወር ይረካል። ትምህርት ቤታችሁ በየትኛው እንደሚፈትን ካሁኑ ጠይቁ።

ስሙ መድኃኒቱን ይለውጣል። ይህ ልጅ መጪው ኅዳር ላይ እንደ አምናው ቢተኛና የዛሬውን የማያውቅ ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው፣ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ለዚህ ነው የተደበረን ሰው ሁሉ «ከዚህ በፊት ሳትተኛ የማይደክምህ ጊዜ ነበር ወይ?» ማለት የሚገባን። «ሞት ይሻለኛል» ያለውንም መንገዱን አስቦበት እንደነበር ሳንጠይቅ አናልፍም።

ስለ ጭንቀት ሕመሞች በአጭሩ ልበል። እኛ ጋ ጭንቀት የሚመጣው በአካል ነው፤ «ልቤ ይመታብኛል»፣ «ትንፋሽ ያጥረኛል» እየተባለ። በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ የሚበርድ ከሆነ ፓኒክ ይታሰብ፤ ስለ ብዙ ነገር አብዛኛውን ቀን እየተጨነቁ ስድስት ወር ካለፈ አጠቃላይ ጭንቀት። ከዚያ በፊት ደም ማነስ፣ እንቅርትና ጫት ይጠየቁ።

ያልተፈታልኝ ሌላ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ላይ አልፏል። አንዲት እናት «ሌሊት ተኩስ ይሰማኛል፤ መጥተው ይወስዱኛል» ቢሉ የት እናስቀምጣቸው? ተኩሱ የሚሰማቸው ያዩትን በሚያስታውስ ነገር ከተቀሰቀሰ፣ ቅዠትና መሸሽም ካለ፣ ከወር በላይም ከቆየ፣ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ነው፤ ዲ ኤስ ኤም 5 ከጭንቀት ምዕራፍ አውጥቶ በሌላ ምዕራፍ አኑሮታል። «ይወስዱኛል» የሚለውን ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መወሰን አይቻልም። እንዴት እንዳወቁ እጠይቃለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ ሳቀርብላቸው ይጠራጠሩ እንደሆነ አያለሁ፤ ከዚያ ጎረቤታቸውን እጠይቃለሁ። ጎረቤቱም በጊዜ በሩን የሚቆልፍ ከሆነ «ዴሉዥን» የሚለውን ቃል አልጽፍም። ያሉትን በጥቅስ አስቀምጬ የጎረቤቱን መልስ ከሥሩ እጨምራለሁ።