አንቱታ ለማን ነው?

ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ ላደግን ሰዎች ሰላምታ ሁልጊዜ ውሳኔ አለበት። እንግሊዝኛ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንድ «ዩ» ይበቃዋል። በአማርኛ ግን ገና «እንደምን» ስትል ቀጣዩን መወሰን አለብህ፤ «አደርክ» ነው ወይስ «አደሩ»? «አንተ» ወይም «አንቱ» የሚለውን ቃል መዝለል ይቻላል። የግሱን ጭራ መዝለል ግን አይቻልም።

አዲስ አበባ ላይ «እርስዎ» የሚባለው ሽማግሌ፣ እኛ ዘንድ «አንቱ» ነው። ግሱ በሁለቱም ያው «አደሩ» ነው። ልብ ካላችሁት ይኸው «አደሩ» ስለ ብዙ ሰዎች ስናወራም የምንለው ነው። አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰው መቁጠር ነው ክብሩ። «አንቱ የተባለ ሐኪም» የምንለውም ለዚህ ነው። አንቱ መባል በዕድሜ ወይም በሥራ የሚገኝ ነገር ነው።

የሚያገኙትን ሰው ማንነት ካላወቁ መሸሻ አለ። «ጤና ይስጥልኝ» ማንንም አይጠራም፤ መልሱም «አብሮ ይስጥልን» ነው። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለትም እንዲሁ ነው፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡሃል። ግን መሸሻው አንድ ዙር ብቻ ነው የሚያገለግለው። «ከየት መጡ?» ወይም «ከየት መጣህ?» ብለህ ስትቀጥል ተለይቷል።

የመምህር ነገር ቀላል ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት «የኔታ» የሚለው ጥሪ ሁሉን ይጨርሰዋል። የኔታ ዕድሜያቸው አይቆጠርም፤ ከተማሪያቸው ቢያንሱም አንቱ ናቸው። እዚህ ላይ አንቱ የሚያሰኘው የሚያስተምሩት ትምህርት ነው።

አስቸጋሪው የክፍል ጓደኛ ነው። አብሮህ ከተማረ ሰው ጋር «አንተ» ንብረት ነው። ድንገት «እርስዎ» ብትለው ወይ ተኳርፋችኋል፣ ወይ እየቀለድክበት ነው። ሞጣ ላይ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቀስሷል። መንገድ ላይ ሳገኘው ሰው ካለ መጀመሪያ መስቀል እሳለማለሁ፤ ከዚያ «አባ፣ እንደምን ሰነበቱ?» እላለሁ። እሱም ሳይስቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። ሰዉ ዞር ሲል «አንተ፣ የት ጠፍተህ ነው?» የሚለኝ እሱ ነው፤ እኔም ወደ «አንተ» እመለሳለሁ። ሁለታችንም አልዋሸንም። «አንቱ» ለክህነቱ ነው፣ «አንተ» ለአንድ ዴስክ ልጅነታችን። መጀመሪያ ወደ «አንተ» የሚመልሰው ግን ማዕረጉ ያለው ሰው መሆን አለበት። እኔ ብቀድም ድፍረት ይሆናል።

እንግዲህ «አንተ» በራሱ ንቀት አይደለም። በጸሎታችን እግዚአብሔርንም «አንተ» ነው የምንለው። ንቀቱ የሚመጣው ማን፣ ለማን፣ በምን ፈቃድ አለው ከሚለው ነው።

ይህን የምጽፈው ብቸና ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። ስልሳውን የተሻገሩ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቆመዋል። ሠራተኛው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። «አንተ፣ ደብተርህን አምጣ» አለ። «ይኸው ጌታዬ፣ ይዩልኝ» አሉ። «ነገ ተመለስ።» «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ግሶቹን ብቻ ተከተሉ፤ ልጁ አምጣ፣ ተመለስ ይላል፤ አዛውንቱ ይዩልኝ ይላሉ። አንቱታው ተገልብጦ ከታች ወደ ላይ እየሄደ ነው።

ልጁ ባለጌ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። እኚሁ ሰው ማታ ለቅሶ ቤት ቢገቡ «ኖር!» ብሎ ከተቀመጠበት የሚነሳው እሱ ነው። ሥርዓቱን ያውቃል። ቢሮ ውስጥ ግን ተገልጋይ እንጂ ሽማግሌ አይታየውም። ገበሬው ቢቆጣ ጉዳዩ ይጓተትበታል፤ ስለዚህ ይውጠዋል። ለዚህ አቤት የሚባልበት ቅጽ የለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አንቱታ ራሱ ይቅር፣ ሁሉም አንተ ይባባል፣ እኩልነት ነው» ይላሉ። ባለወንበሩም «አንተ» ለመባል ከተስማማ አልጣላም። እስካሁን ያየሁት ግን «አንተ» ሲረክስ መጀመሪያ የሚደርሰው ለገበሬው ነው፤ ኃላፊውማ «ክቡር» እንደተባለ አለ።

በኛ አገር ሰውን «አንተ» ለማለት የማውቀው ፈቃድ ሁለት ነው፤ መብለጥ በዕድሜ፣ ወይም አብሮ ማደግ። ወንበር ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር አላየሁም። የሚያገኙትን ሰው ዕድሜ መገመት ያቃተው ሠራተኛም «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳ?» ቢል አንድም ሰው አይቀየመውም። ከዚያ በኋላ ከተሳሳተም ወደ «አደሩ» ይሳሳት። ወጣትን «አንቱ» ያለ ቢበዛ ይሳቅበታል። ሽማግሌን «አንተ» ያለ ግን ያንን ሰው ከነልጆቹ አሳንሶ ወደ ቤቱ ይልከዋል።