የባንክ ገቢ ሁሉ ሽያጭ አይደለም

«ሽያጭህ ይህን ያህል ነው ብለሃል፤ ባንክ የገባው ግን ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።» ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው ሰው ከታክስ ኦዲተር እንዲህ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። ነጋዴው ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል፤ መልሱ ግን በሌጀሩ ውስጥ ሳይሆን በጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው። ጭንቅላት ደግሞ ሰነድ ተብሎ አይቀርብም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተሠሩ ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን በየሱቁ ያለ ነው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ደሴ ላይ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን አለው። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙ ሁሉ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ነው። በጥር ወር የቫት ማስታወቂያው ላይ ሽያጩን 1,200,000 ብር ብሎ አስታወቀ። ሌጀሩ 1,240,000 ይላል። በሁለት የባንክ ሒሳቦቹ የገባው ሲደመር ደግሞ 2,070,000 ብር ሆነ።

የቸኮለ ኦዲተር እዚህ ላይ ሒሳቡን ይዘጋል። በጣም የቸኮለው 2,070,000ን ከ1,200,000 ጋር በቀጥታ ያነጻጽራል፤ ይህ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው የከፈለው ከነቫቱ ስለሆነ ባንክ የገባው ብር በ1.15 መካፈል አለበት። ይህን የሚያውቀው ያካፍልና 1,800,000 ያገኛል። ልዩነቱ 600,000፣ ቫቱ 90,000 ብር። ውሳኔ ተጻፈ፣ ቅጣትና ወለድ ተከተለ።

ጥሩ ኦዲተር ግን ስቴትመንቱን ዘርግታ መስመር በመስመር ትወርዳለች። መጀመሪያ የምትፈልገው ሽያጭ ያልሆነውን ነው። ከደሴው ሒሳብ ወደ ኮምቦልቻው የተላለፈ 300,000 ብር አለ፤ ያው ገንዘብ ሁለቴ ተቆጥሯል። ይህን ለማወቅ ነጋዴውን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በአንዱ ስቴትመንት የወጣው በዚያው ቀን በሌላው ገብቶ ይታያል። ተመላሽ የሆነ የ57,500 ብር ቼክም አለ፤ ገቢ ሆኖ ተመዝግቦ ከሁለት ቀን በኋላ ወጪ ሆኗል። ገቢ ገቢውን ብቻ የሚደምር ሰው ይህን አያይም።

ሌላው 172,500 በታኅሣሥ በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ነው። ደረሰኙ በታኅሣሥ ተቆርጦ፣ ቫቱም በታኅሣሥ ማስታወቂያ ገብቷል። ቫት የሚከተለው ገንዘቡ የተሰበሰበበትን ቀን አይደለም፤ ስለዚህ በጥር ባንክ ገባ ተብሎ ድጋሚ አይታከስም። ማስረጃው የደረሰኙ ቁጥርና የደንበኛው የዱቤ ገጽ ነው።

ከዚያ ወሎ ውስጥ የማይቀረው ይመጣል።

«ጋሼ፣ ይህ ሁለት መቶ ሺህ ከየት ነው?»

«እቁብ ነው ልጄ፣ ደረሰኝ።»

እቁብ ይደርሳል እንጂ ደረሰኝ የለውም። ማስረጃ ሊሆን የሚችለው የእቁቡ ጸሐፊ መዝገብና የዳኛው ፊርማ ነው፤ ከነጋዴው ሒሳብ በየሳምንቱ ሲወጣ የኖረው መዋጮ በስቴትመንቱ ላይ ከታየ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ቀጥሎ 115,000 ብር አለ፤ ሳዑዲ ያለችው እህቱ ለቤት ማሠሪያ የላከችው ነው። በሕጋዊ ባንክ ከመጣ የላኪዋ ስም አብሮ ይታያል። በሰው እጅ መጥቶ እሱ ራሱ ካስገባው ግን ስቴትመንቱ ላይ የሚነበበው የራሱ ስም ብቻ ነው፤ ከሽያጭ ገንዘብ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 845,000 ናቸው። ሲቀነሱ 1,225,000 ይቀራል። አሁን የሚጨመረው አለ፤ ብዙ ነጋዴም ይህን ክፍል መስማት አይወድም። በጥር በዱቤ ተሽጦ ገና ያልተከፈለ 184,000፣ ባንክ ሳይደርስ ከካዝና ለጫኝና አውራጅ፣ ለደመወዝ የወጣ የሽያጭ ገንዘብ 86,000። ጠቅላላው 1,495,000፣ በ1.15 ሲካፈል 1,300,000 ብር።

እንግዲህ የ600,000 ልዩነት ወደ 100,000 ወርዷል፤ አልጠፋም። 40,000ው በማስታወቂያውና በሌጀሩ መካከል ያለው ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ጥር 30 ቀን የማሽኑን ሪፖርት ያወጣው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ማታ የተቆረጠው አንድ ደረሰኝ በቀኑ መዝጊያ ዜድ ሪፖርት ውስጥ አለ፣ ሌጀሩም ይዞታል፣ ማስታወቂያው ግን አልፎታል። ኦዲተሯ የየካቲትን ማስታወቂያ አየች፤ እዚያም አልገባም። ገብቶ ቢሆን ጥያቄው የመዘግየት ብቻ ይሆን ነበር። አልገባምና 6,000 ብር ቫት ይከፈላል።

የቀረው 60,000 ሌላ ነው። የኮምቦልቻው ሒሳብ ላይ እያንዳንዳቸው 23,000 የሆኑ ሦስት ገቢዎች አሉ፤ ሦስቱንም ያስገባው አንድ ሰው ነው። በሌጀሩ የሉም፣ በማሽኑም የሉም። የመጋዘኑ ቢን ካርድ ግን በእነዚያው ቀናት ቆርቆሮ ወጣ ይላል። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ማሽኑ ደሴ፣ ዕቃው ኮምቦልቻ። ደንበኛው ከመጋዘን በቀጥታ ይጭናል፣ «ደረሰኙን ነገ ቆርጠን እንልክልሃለን» ይባላል፣ ወረቀቱ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሱቁ አይደርስም። ስርቆት ይሁን መርሳት ኦዲተሯ ልታውቅ አትችልም፤ ሽያጭ መሆኑን ግን ሦስት ሰነድ ይመሰክራል። ቫቱ 9,000 ብር።

ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 15,000 ነው፤ 90,000 አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። ነጋዴው «ሁሉም እቁብ ነው» ቢል ሐሰት ነበር፤ ኦዲተሩ «ሁሉም ሽያጭ ነው» ቢልም እንዲሁ።

ይህ ዘዴ የማያየውም አለ። በጥሬ ገንዘብ ተሽጦ ባንክ ያልገባ፣ ወይም በሚስት ወይም በልጅ ሒሳብ የተቀበሉት ብር በዚህ ማስታረቅ አይገኝም። ሦስቱ ቁጥሮች እንከን የለሽ ሆነው ሲገጣጠሙ እንዲያውም መጠርጠር ይገባል፤ ሌጀሩ ከስቴትመንቱ ተገልብጦ ሊሆን ይችላልና። ያኔ ኦዲተሯ ወደ ግዢ ትሄዳለች፦ የተገዛው ቆርቆሮ ስንት፣ መጋዘን የቀረው ስንት፣ የተሸጠው ስንት።

በአካባቢው ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ብዙ ሱቅና መጋዘን ተዘርፏል። የዱቤ ደብተር፣ የእቁብ መዝገብ፣ ቢን ካርድ አብሮ የጠፋበት ሰው አለ። የባንክ ስቴትመንት ግን ከባንኩ ቋት ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ቢዘረፍም መዝገቡ አይጠፋም። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ ገቢውን የሚናገረው ሰነድ አለ፤ ገቢው ሽያጭ አለመሆኑን የሚናገረው የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው 1.15 አካፍሎ መደምደም ፍርደ ገምድልነት ነው። ቢያንስ የራሱን ሌሎች ወራት መለኪያ ማድረግ ይቻላል፤ ሰነድ ባለው ዓመት ከባንክ ገቢው ምን ያህሉ ሽያጭ እንደነበር ማየት።

ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ አለበት፤ ከዚያ አልፎ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሚከራከርበት ታክስ ግማሹን ያስይዛል፣ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳቱ ሸክምም የእሱ ነው። በምሳሌው ላይ በ90,000ው የሚከራከር ሰው 45,000 ብር ከፍሎ ነው በሩን የሚያንኳኳው። የእቁቡን ጸሐፊ ፈልጎ ፊርማ ማስፈረም ያለበት ኦዲተሯ ገና ስቴትመንቱን ይዛ በተቀመጠችበት ሰዓት ነው።