አንድ ድስት ለሁለት ዓላማ

በጀርመን አገር በአንድ የተማሪዎች ቤት አራት ሆነን እንኖራለን። ማታ ማታ የሚሰበስበን አንድ ድስት ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ታላቃችን ከድስቱ ሸሸ። ክብደት ልቀንስ ብሎ ሰላጣውን ይዞ ክፍሉ ይገባል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ወጥ ቤት ገብቶ ዳቦ በማርማላታ ሲጨርስ እንሰማዋለን። ቀጮው ደግሞ ብረት ማንሳት ጀምሮ፣ "የእናንተ ምስር ጡንቻ አያወጣም" እያለ የፕሮቲን ዱቄት በጥብጦ ይጠጣል። የቀረነው ሁለታችን ሰፊ ትሪ ላይ ጥግና ጥግ ይዘን ተፋጠጥን።

አንድ ማታ፣ እስቲ ይህ ድስት ምን አጠፋ ብለን ሚዛን አወጣን። ለአራት ሰው የምንሠራው ምስር ደረቁን 300 ግራም ነው፤ ከ1,000 ካሎሪ ብዙም አያልፍም። ዘይቱን በእጃችን ልማድ ካንቆረቆርን በኋላ ብንለካው ሁለት ስኒ፣ ማለትም ወደ 150 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ስላለው ይህ ከ1,200 በላይ ነው። ጉድ ፈላ! ለካስ ስንበላ የኖርነው ምስር በዘይት ሳይሆን ዘይት በምስር ኖሯል።

በማግስቱ ዘይቱን ጨርሰን አስቀረነው። በርበሬው አልበሰለም፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ድስቱ ሥር አርሮ ይመርራል። ማንም ሁለተኛ አልጎረሰም። ከመካከላችን አንዱ እናቱ ዘንድ ደውሎ ቢናገር፣ "ልጄ፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት የሚያፈስ ማን ነው? መጀመሪያ በደረቁ አቁላላው፣ ሲይዝብህ ውሃ ጠብ አድርግበት" አሉት።

እንዳሉት አደረግን። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አድቅቀን ከትፈን፣ ሥሩ ወፍራም በሆነ ድስት፣ በለስላሳ እሳት ያለ ዘይት እናማስላለን። ሲይዝ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ እንጨምራለን። ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የጥሬ ሽንኩርት ሽታው ጠፍቶ ቡናማ ሲል ደርሷል። ያን ጊዜ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከበርበሬው ጋር ይገባል፤ እየቆየን ውሃ ጠብ እያደረግን አሥር ደቂቃ እናቁላላዋለን። ሽታው ማስነጠሱን ሲተውና ቀዩ ዘይት ዳር ዳሩን ብቅ ሲል፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የታጠበውን ምስርና አንድ ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ እንጨምራለን። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ከየሰዉ ድርሻ ከ200 በላይ ካሎሪ ይቀንሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ወጡ ከቀጠነ እንጀራ ያስበላል፤ በዘይት የቀነስነውን በእንጀራ መልሰን እንበላዋለን። ስለዚህ ወፈር ይበል።

ቀጥሎ የቀጮው ጉዳይ መጣ። ከምስሩ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ፕሮቲን 18 ግራም ያህል ነው። አይብ ቢጨመርበት ብለን ገበያ አዳራሹ ሄድን፤ የወተት መደርደሪያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፣ አይብ የሚባል ግን የለም። የቀረበው ኳርክ የሚሉት ሆነ። መጀመሪያ የገዛነው "40 በመቶ" የተጻፈበትን ነበር፤ አፍ ላይ ይቀልጣል፣ ግን ቅባታም ነው። ያ ቁጥር ውሃው ቢወጣ ከሚቀረው ደረቅ ክፍል ላይ የተሰላ መሆኑን የተረዳነው ቆይተን ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ትተን ጀርባውን እናነባለን፦ በ100 ግራም "ፌት" የሚለው ቅባት፣ "አይቫይስ" የሚለው ፕሮቲን ነው። "ማገር" የሚባለው ኳርክ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል፣ ፕሮቲኑ ግን 12 ግራም ነው። ልስልስና ውሃማ ስለሆነ በንጹሕ ጨርቅ አስረን ማጥለያ ላይ ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረዋለን፤ ጠዋት ጠጠር ብሎ ይገኛል። ጤና አዳምና ትንሽ ጨው ሲገባበት ለአይብ የቀረበ ዘመድ ይሆናል። ከመጠለሉ በፊት 150 ግራም የነበረው፣ የምስሩን ያህል ፕሮቲን ደርቦ ይሰጣል። በጾም ቀን ግን ኳርኩ ይቀርና የምስሩ መጠን ከፍ ይላል።

አሁን ድስቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ትሪው ላይ ነው። ታላቃችን ከአይቡ እንጂ ከቅቤው አይነካም። መወፈር የሚፈልገው ቀጮ ግን አንድ ማንኪያ ቅቤ አቅልጦ በራሱ በኩል ያፈስሳል፤ ያቺ ማንኪያ ብቻዋን ከ100 ካሎሪ በላይ ናት። በሦስት ወር ውስጥ ታላቃችን በእግሩ ትምህርት ቤት መሄዱ ታክሎበት ወደ ሦስት ኪሎ ቀነሰ። የሌሊቱ የዳቦ ኮሽታም ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ ከሚዛን አመለጠን። ቀጮው በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ታላቃችን አፍ ሲዘረጋ፣ ታላቃችን አንዴ ሚዛኑን፣ አንዴ እኛን ያያል፤ ከዚያ አፉን ይከፍታል። እሱን ግን አንቆጥርበትም።