ሊንኩ ተቀይሯል ማለት ብቻ አይበቃም

ድሮ የክፍል ለውጥ ሲኖር ሥራው ቀላል ነበር። “ከ12 ቁጥር ወደ 7 ቁጥር ተዛውሯል” ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ማስታወቂያውን ያላየ ተማሪ እንኳ ባዶ ክፍል ሲያገኝ ነገሩ ይገባዋል፤ ወረቀቱን አንብቦ ወደ 7 ቁጥር ይሮጣል። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። አሮጌው ሊንክ ሲነካ “ባዶ ነኝ” አይልም። “አዘጋጁ እስኪጀምር ጠብቁ” ነው የሚለው። ሰው ደግሞ ጠብቅ ሲባል ይጠብቃል።

ይህን የተረዳሁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አብረን በምንከታተለው ሥልጠና ላይ “ሊንኩ ተቀይሯል፤ ነገ በ2 ሰዓት እንገናኝ” የሚል መልእክት ተላከ። ባልደረባዬ ገጠር ትምህርት ቤት ስለሚያስተምር ኔትወርክ የሚያገኘው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። በዚያ ብርድ 40 ደቂቃ ቆሞ ጠበቀ። በማግሥቱ ስንደዋወል “እኔ እኮ አሠልጣኙ የቀሩ መስሎኝ ነበር” አለኝ። ለካስ አሮጌውን ሊንክ ነው የከፈተው። አዲሱ ሊንክ ከብዙ ወሬ በታች ተቀብሯል፤ ከላይ ተሰክቶ የቀረው አሮጌው ነው።

በዚህ መንፈቅ እኔም በልምምድ ላይ ላሉት ሠልጣኞቼ የማታውን ትምህርት ከዙም ወደ ጉግል ሚት ማዛወር ነበረብኝ። ምክንያቱ አጭር ነው። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል፤ የእኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 50 ደቂቃ ነው። ነፃው ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት ስብሰባ 60 ደቂቃ ይፈቅዳል። ይህን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያው ውስጥ አስገባሁት። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ለውጡ የዛሬ ብቻ ይመስለውና በሳምንቱ ወደ አሮጌው ይመለሳላ።

አንደኛው ነገር ሊንኩ ነው። ሠልጣኙ አዲሱን ከአሮጌው በዓይኑ መለየት አለበት። የዙም ሊንክ `zoom.us/j/` ካለ በኋላ በቁጥር ይቀጥላል። የሚት ሊንክ `meet.google.com/` ብሎ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት ሆነው በሰረዝ የተከፈሉ አሥር ትንንሽ የላቲን ፊደላት አሉት። “`zoom.us` ካያችሁ አሮጌው ነው፣ `meet.google.com` ካያችሁ አዲሱ ነው” ብሎ መናገር ይቻላል። በቴሌግራም ቡድናችን አሮጌውን መልእክት ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ሰው ወደ ሌላ ቡድን ያስተላለፈው ቅጂ እኔ የራሴን ባርመውም አይታረምም። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ የክፍል ተጠሪው ከአሮጌው ክፍል ደጅ የቀሩ እንዳሉ ስም ዝርዝሩን እያየ ስልክ እንዲደውልላቸው ተስማማን።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። “2 ሰዓት” ሲባል ጧት ነው ማታ? ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላበት ሰው ደግሞ 2:00 ብሎ ማስታወሻ ይይዝና ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ይጮህበታል። “ነገ” የሚለውም ቃል መልእክቱ በማግሥቱ ለደረሰው ሰው ሌላ ቀን ነው። ስለዚህ ዕለቱን፣ ቀኑን፣ “ማታ” የሚለውን ቃልና ስልኩ ላይ የሚታየውን ሰዓት አብሮ መጻፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ። 60 ደቂቃው ክፍሉ ከተከፈተ ጀምሮ እንደሚቆጠር አድርጎ ማስላት ይሻላል። ድምፅ ለመሞከር ከ2 ሰዓት 10 ደቂቃ ቀድሜ ብከፍት ልክ ትምህርቱ በሚያልቅበት በ2 ሰዓት ከ50 ይዘጋብኛል፤ ለጥያቄ አንዲት ደቂቃ አትተርፍም። 5 ደቂቃ ብቻ ቀድሜ ብከፍት ግን 5 ደቂቃ ይተርፈኛል።

ሦስተኛው መጠባበቂያው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? መጠባበቂያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት “ዋናው ሲወድቅ ይሄኛው አብሮ ይወድቃል ወይ?” የሚለው ነው። ሚት ሲቋረጥ ወደ ሌላ የቪዲዮ ስብሰባ መሄድ ብዙ አይረዳም፤ ደካማው መስመር ያው ነው። በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት ግን ጠብታ ያህል ኔትወርክ ይበቃዋል፤ አሁን ባይደርስ እንኳ ሰውየው ጉብታው ላይ ሲወጣ ይደርሰዋል። ዳታ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ቴሌግራምም የለም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ተራ የጽሑፍ መልእክት ነው።

የማን መስመር እንደተቋረጠ ማወቅም ያስፈልጋል። የሌሎቹ ድምፅ እየተሰማ የመምህሩ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከመምህሩ ነው፤ ባላችሁበት ቆዩ። ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ከደረቀ ግን ችግሩ ከእናንተ ዘንድ መሆኑ አይቀርም፤ ወጥታችሁ ግቡ።

እንግዲህ የጻፍኩት ማስታወቂያ ይህ ነው። ሊንኩን ለናሙና ያህል ለውጬዋለሁ፤

“የማክሰኞ ማታው ትምህርት ከዙም ወደ ጉግል ሚት ተዛውሯል፤ ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቋረጥ ለውጡ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ነው።

አዲሱ ሊንክ፦ `meet.google.com/abc-defg-hij`። `zoom.us` የሚል ያለበትን አሮጌውን አትክፈቱ።

የሚጀምረው፦ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት፤ ስልካችሁ 8:00 PM ሲል። በሩ በ5 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈታል። በስልክ የምትከታተሉ አፑን ቀን ላይ አውርዳችሁ በጂሜይላችሁ ግቡ።

መስመር ቢቋረጥ፦ 10 ደቂቃ ሞክሩ። መምህሩ በ10 ደቂቃ ካልተመለሰ ቀሪው ትምህርት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ቡድናችን ይላካል። ዳታ የሌለው ሰው ከክፍል ተጠሪው በጽሑፍ መልእክት የገጹን ቁጥርና የቤት ሥራውን ያገኛል። በዚያ ማታ መግባት ያልቻለ ሰው ቀሪ አይባልም።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት አንዲት ሠልጣኝ “መምህር፣ ኔትወርክ ቢጠፋብኝ ቀሪ ይጻፍብኛል?” ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ሌሊቱን መንገድ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ይንከራተታል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

በመጀመሪያው ማታ 2 ሰዓት ከ20 ሲሆን ሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ የቤቴም ኢንተርኔት አብሮ ሄደ። ሠልጣኞቹ የእርስ በርስ ድምፃቸው እየተሰማ ስለነበር ችግሩ ከእኔ መሆኑን አወቁ፤ 10 ደቂቃ ጠብቀው ወጡ። እኔም ቀሪውን ትምህርት በሻማ ብርሃን በስልኬ ቀድቼ፣ በስልኬ ዳታ ላክሁ። በድምፅ መልእክት ግን እየተቋረጡ መጠየቅ አይቻልም፤ ስለሆነም ጥያቄ ሁሉ በጽሑፍ ተሰብስቦ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ለእርሱ ተመደበ። ይህም አሁን በማስታወቂያው ላይ ተጨምሯል።

ሊንክ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ደግሞ ፊደላቱን ለየብቻ በትልቁ ጻፉ። `i` እና `l`፣ `u` እና `v` በእጅ ጽሑፍ ይመሳሰላሉ፤ አንዷ ከተሳሳተች በሩ አይከፈትም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሌላ ሰው ከወረቀቱ እያነበበ በራሱ ስልክ ይሞክረው፤ ከተከፈተለት ያን ጊዜ ለጥፉት።